ቧንቧው ሲቆም ክሬሙ አይቆምም

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የባንክ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ዕድሜዋ 27። የመሥሪያ ቤቷ የደንብ ልብስ ጉልበት ላይ የሚያበቃ ጉርድ ነው፤ ሰኞ ደግሞ ከኋላ ወንበር ወጥታ ደንበኞችን ቆማ የምታስተናግድበት ተራዋ ነው። ስለዚህ እንደ ወትሮዋ የፀጉር ማስወገጃ ክሬሙን ሁለቱም ባቶቿ ላይ ወፈር አድርጋ ቀባች፣ የስልኳን ሰዓት ስድስት ደቂቃ ላይ ሞላችና መታጠቢያ ቤት ውስጥ በዱካ ላይ ተቀመጠች። ስልኩ ሲጮህ ቧንቧውን ከፈተች። ትንሽ አየር እየተነፈሰ ዝም አለ። ውሃው ሄዷል። ሮቶው ደግሞ ከሐሙስ ጀምሮ ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ያደረገችው ሁሉ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። በመጀመሪያ ይመጣል ብላ ጠበቀች። ሳይመጣ ሲቀር በደረቅ ፎጣ ማሸት ጀመረች። ማቃጠሉ ሲበረታ ጎረቤት ሮጣ ጀሪካን ለመነች። ጎረቤቷ እናት የሚሆኑ ሴት ናቸው፤ ውሃውን እየሰጡ «የኔ ልጅ፣ ሎሚ ቀቢበት፣ ያበርደዋል» አሏት። ቀባች። እግሯ ላይ ውሃ የፈሰሰው ክሬሙ ከተቀባ ሃያ ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነበር። ማታ ላይ ግራ ባቷ ቀልቶ ሁለት ቦታ ውሃ ቋጠረ።

ይህን ታሪክ የሰማ ሁሉ «ክሬሙ አስመስሎ የተሠራ ቢሆን ነው» ይላል። ክሬሙ ግን አስመስሎ የተሠራ አልነበረም። የሠራው የተሠራበትን ሥራ ነው።

ፀጉር የተሠራው ኬራቲን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ኬራቲንን ጠንካራ የሚያደርገው ክሮቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የሰልፈር ማሠሪያ ነው። በእነዚህ ክሬሞች ውስጥ ያለው ዋና ኬሚካል ታዮግላይኮሌት ይባላል፤ ሥራው ያንን ማሠሪያ መፍታት ነው። ይህን እንዲችል ክሬሙ ኃይለኛ አልካላይን እንዲሆን ይደረጋል፤ ፒኤች መጠኑ 12 አካባቢ ይደርሳል። ጤነኛ ቆዳ ግን 5 አካባቢ ላይ ያለ፣ ትንሽ ወደ አሲድ ያደላ ነው። ከክሬሙ የሚወጣው የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታም ከዚያው ከሰልፈሩ የሚመጣ ነው። የራስ ፀጉሯን ሪላክሰር ተቀብታ የሚያውቅ ሴት ነገሩ ይገባታል፤ ሁለቱም ፀጉርን በኬሚካል የሚፈቱ የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሪላክሰሩ ሲቆይ ራስ ቅል ላይ የሚያቆስለውም በዚሁ ጠባዩ ነው።

ችግሩ የቆዳ የላይኛው ሽፋንም ኬራቲን መሆኑ ነው። ክሬሙ ፀጉርን ከቆዳ ለይቶ አያውቅም። የሚለያቸው ሰዓት ብቻ ነው። ቀጭኑ ፀጉር በጥቂት ደቂቃ ይሟሟል፣ ቆዳው ግን ትንሽ ይዘገያል። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው ደቂቃ፣ እንደ ዓይነቱ ከ3 እስከ 10 የሆነው፣ በሁለቱ መካከል ያለችው ጠባብ ክፍተት ናት። ሃያ ደቂቃ ሲሞላ ተራው የቆዳው ነው።

በዚያ ጠዋት መደረግ የነበረበትም ከዚሁ ይገባል። ዋናው ነገር ክሬሙን ቶሎ ከቆዳ ማንሳት ነው፤ እሱም ሳይታሸ፣ በማንኪያ ጀርባ ወይም ከክሬሙ ጋር በሚመጣው ፕላስቲክ ከላይ ወደ ታች እየጠረጉ። ማሸት የላላውን የቆዳ ሽፋን ይገፍፋል። ከዚያ በተገኘው ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ማጠብ ነው። ፍሪጅዋ ውስጥ ሁለት ሊትር የታሸገ ውሃ ነበር፤ የሚጠጣ ነው ብላ አላሰበችውም። ሎሚው ደግሞ ነገሩን አባባሰው። አልካላይን በአሲድ ይጠፋል የሚለው የትምህርት ቤት ሒሳብ በተላጠ ቆዳ ላይ አይሠራም፤ በቆሰለው ላይ ሌላ የሚቆጠቁጥ ነገር ይጨምርበታል። የአልካላይን ቃጠሎ የሚፈልገው ውሃ ነው፤ ለአፍታ ሳይሆን ለሃያ ደቂቃ ያህል።

ውሃ የቋጠረው በሳምንት ውስጥ ደረቀ። የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ቆስሎ የነበረው ቦታ የመዳፍ ያህል ስፋት ያለው ጥቁር ምልክት ሆኖ ቀረ። የእኛን ዓይነት ቆዳ በዚህ ጠባዩ ማወቅ ያስፈልጋል። ቡናማና ጥቁር ቆዳ ሲቆጣ፣ በቃጠሎም ይሁን በጭረት ወይም በብጉር፣ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከመጠን በላይ ይሠራሉ። ቁስሉ ሲድን ቀለሙ ይቀራል። ነጭ ቆዳ ላይ ለጥቂት ቀናት ቀይ ሆኖ የሚጠፋው መቆጣት እዚህ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ የሚቆይ ጥቁረት ይተዋል። ስለዚህ በማስታወቂያ ላይ የሚታየው የሦስቱ ዘዴዎች ውድድር፣ የትኛው ያለሰልሳል፣ የትኛው ይቆያል የሚለው፣ ለእሷ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው የትኛው ቆዳዬን ሳያስቆጣ ያልፋል የሚለው ነው።

ጥቁረቱን ለማጥፋት የመጀመሪያ ጉዞዋ ወደ ሐኪም አልነበረም። አንዲት የሥራ ባልደረባዋ ከኮስሞቲክስ ሱቅ የምትገዛውን፣ ስም የሌለው ክዳን ያለበትን ቅልቅል ቅባት ጠቆመቻት። ለሁለት ሳምንት ቀባችው፤ ምልክቱም እውነትም ፈዘዝ አለ። በመጨረሻ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ ዕቃውን በቦርሳዋ ይዛው ነበር። ሐኪሟ ዕቃውን አገላብጣ አየችና «ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ነገር እንዴት እግርሽ ላይ ትቀቢያለሽ?» አለቻት። እንዲህ ያሉ ቅልቅሎች ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ኃይለኛ ስቴሮይድ ነው። መቆጣቱን ስለሚያፍነው መጀመሪያ ያምራል፤ ሲቆይ ግን ቆዳውን ያሳሳል፣ ሲያቆሙት መቆጣቱ ብሶ ይመለሳል። ሐኪሟ አንድ ነገር ጨመረች፤ «ደግሞ ስቴሮይድ በተቀባበት ቦታ ፀጉር ሊያበዛ ይችላል። ያቃጠለሽን ፀጉር መልሰሽ እየዘራሽው ነው።»

ያዘዘችላት ነገር የሚያስገርም አልነበረም። ቅልቅሉን ማቆም፣ ቆዳውን በቫዝሊን ማለስለስ፣ ቦታውን ከፀሐይ መሸፈን ወይም የፀሐይ መከላከያ መቀባት፣ ቆዳው እስኪድን ምንም ዓይነት ፀጉር ማስወገጃ አለመጠቀም። ከዚያ በኋላስ? «ምላጭ» አለቻት ሐኪሟ።

ልጅቷ ደነገጠች። ምላጭን ከአሥራ አምስት ዓመቷ ጀምሮ የሸሸችው እናቷ «አንዴ ከላጨሽው እንደ ወንድ ጢም ይወፍራል» ስላለቻት ነው። ይህ አባባል በየቤቱ አለ፤ እኛ አገር ብቻም አይደለም። አሜሪካዊቷ የአናቶሚ ተመራማሪ ሚልድረድ ትሮተር በ1928 (እ.ኤ.አ.) ጉዳዩን መርምራ መላጨት የፀጉርን ውፍረትም ሆነ የእድገት ፍጥነት እንደማይለውጥ አሳይታለች። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ ደግመዋል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ፀጉር የሚሠራው ከቆዳ ሥር ባለው ሥሩ ውስጥ ነው፤ ምላጭ የሚነካው ደግሞ ከቆዳ በላይ ያለውን፣ ሕይወት የሌለውን ክር ነው። ሥሩ ከላይ መቆረጡን የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የእናት ጣት ግን አልዋሸም። ያልተላጨ ፀጉር ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። ምላጭ ወገቡ ላይ ሲቆርጠው ጫፉ ደልዳላ ይሆናል፤ ሲበቅልም ያ ወፍራም ወገብ ነው መጀመሪያ የሚወጣው። የእግር ፀጉር በቀን ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር ያድጋል፤ ስለዚህ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን እጅ ሲያልፍበት ይኮሰኩሳል። ወፍሮ አይደለም፤ ጫፉ ስለተቆረጠ ነው። ክሬም ከምላጭ ትንሽ የሚቆየውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ፀጉሩን ከቆዳው ወለል ትንሽ ዝቅ ብሎ ያሟሟዋል፣ ጫፉንም ስለት አያደርገውም። ልዩነቱ ግን የቀናት እንጂ የሳምንታት አይደለም።

የምላጭ እውነተኛ ችግር ሌላ ቦታ ነው። ጥምዝ ፀጉር በጣም ቀርቦ ሲቆረጥ ሹል ጫፉ ዞሮ ቆዳውን ይወጋል፣ ወይም ከቆዳ ሥር ሆኖ ወደ ውስጥ ይበቅላል። ችፍ ይላል፣ ያሳክካል፣ ሲቧጥጡት ይጠቁራል። ይህ ከአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታይ ነው። መድኃኒቱ አላላጩም ማለት አይደለም፤ እስከ ሥሩ አለመላጨት ነው። ሐኪሟ ያስተማረቻት ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ እግሩን ለብ ባለ ውሃ ለጥቂት ደቂቃ ማርጠብ፤ የረጠበ ፀጉር ይለሰልሳል። ሳሙና ወይም የፀጉር ኮንዲሽነር መቀባት፤ ደረቅ ቆዳ ላይ ምላጭ አለማሳረፍ። ፀጉሩ በሚያድግበት አቅጣጫ፣ በባት ላይ ብዙውን ጊዜ ከላይ ወደ ታች፣ ቆዳውን ሳይወጥሩና ሳይጫኑ መላጨት። አንድ ቦታ ላይ ደጋግሞ አለመመላለስ። ስለት ብዙ ከተደራረበበት መላጫ ይልቅ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት ስለቱን መምረጥ፤ ብዙ ስለት ያለው ፀጉሩን ጎትቶ ከቆዳ በታች ስለሚቆርጠው ነው። ከአምስት እስከ ሰባት ጊዜ ከተላጩበት በኋላ መጣል። ከእህትም ቢሆን አለመዋዋስ፤ የጉበት ቫይረስ ዓይን በማያየው ደም ይተላለፋል።

ሦስተኛው መንገድ ዋክስ ነው። እዚህ ላይ ታላቅ እህቷ ትገባለች። ጅዳ ስድስት ዓመት ሠርታ የተመለሰች ናት፤ በዐረቡ ዓለም ሐላዋ የሚባለውን የስኳር ዋክስ እዚያ ለምዳ መጥታለች። ግማሽ ኪሎ የማይሞላ ስኳር፣ አንድ ሲኒ ውሃና አንድ ሲኒ የሎሚ ጭማቂ በዝግታ እሳት ላይ ትጥዳለች። ቀለሙ የማር ሲመስል በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ጠብ ታደርገዋለች፤ ጠብታው በጣት ሲያዝ ለስላሳ ኳስ ከሆነ ደርሷል፣ ከተበተነ ይቀረዋል፣ ከተሰበረ አልፎበታል። ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ታቀዘቅዘዋለች። የዚህ ዘዴ ትልቁ አደጋ እዚህ ነው፤ የፈላ ስኳር ከፈላ ውሃ ይበልጥ ይሞቃል፣ ቆዳ ላይ ደግሞ ይጣበቃል። እህትየዋ በክንዷ የውስጥ በኩል ሳትሞክር እግር ላይ አታሳርፍም።

ዋክስ ፀጉሩን ከነሥሩ ይነቅላል። ስለዚህ ለሦስት፣ ለአራት ሳምንት ይቆያል፤ የሚመለሰውም ቀጭን ጫፍ ይዞ ስለሚወጣ አይኮሰኩስም። ይህ ግን እንደሚወራው ሁሉም ፀጉር ለአንድ ወር ይጠፋል ማለት አይደለም። የእግር ፀጉር ሁሉ በአንድ ጊዜ አያድግም፤ ከፊሉ ሲያድግ ብዙው ያርፋል። ዋክስ በሚደረግበት ቀን ከቆዳ ያልወጣው ፀጉር በሳምንት፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ብቅ ይላል። ደግሞም ለሚቀጥለው ዋክስ ፀጉሩ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ማደግ አለበት፤ ከዚያ ካጠረ ዋክሱ አይዘውም፣ ወይም መሐል ላይ ይበጥሰዋል። ከቆዳ ሥር የተበጠሰ ጥምዝ ፀጉር ደግሞ ወደ ውስጥ የሚበቅለው እሱ ነው። ጉርድ ለብሳ ለምትሠራ ሴት ይህ ማለት ከወሩ አንድ ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ ጥቁር ስቶኪንግ ማድረግ ማለት ነው።

አንዳንድ ሰው ደግሞ ጨርሶ ዋክስ ማድረግ የለበትም። የብጉር መድኃኒት አይሶትሬቲኖይን የሚወስድ፣ ወይም ሬቲኖል ያለበት ቅባት በዚያው ቦታ የሚቀባ ሰው ቆዳው አብሮ ሊላጥ ይችላል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ ላይ ደም ሥር ያበጠበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር። ውበት ሳሎን ውስጥ ደግሞ አንድ ምልክት አለ፤ ባለሙያዋ ቆዳ የነካውን እንጨት መልሳ ዋክሱ ውስጥ ከነከረች፣ ያ ድስት የብዙ ሰው እግር ውስጡ አለ ማለት ነው። ተነስቶ መሄድ ያስፈልጋል።

ልጅቷ የባንክ ሰው ናትና በመጨረሻ ሒሳብ ሠራች። የአንድ ዕቃ ዋጋ ስንት ነው ብላ አልጠየቀችም፤ አንድ ለስላሳ ቀን ስንት ያስወጣኛል ብላ ጠየቀች። ክሬሙ ከውጭ የሚመጣ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንዱን 450 ብር ትገዛው ነበር። ዶላሩ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100ን ሲሻገር እሱም ተከተለ፤ አሁን የምትገዛው 900 ብር ነው። ወፈር ተደርጎ ካልተቀባ ስለማይሠራ ለሁለት ባት ግማሹ ያልቃል። በሳምንት አንዴ ስትጠቀም በአራት ሳምንት ሁለት፣ 1,800 ብር። ከሰባቱ ቀን አምስቱ ለስላሳ ቢሆኑ ሃያ ቀን ነው፤ ለአንድ ቀን 90 ብር።

መላጫው አንዱ 60 ብር ነው፣ አምስት ጊዜ ይላጭበታል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ስትላጭ በአራት ሳምንት 100 ብር አይሞላም። እያንዳንዱ መላጨት ሁለት ለስላሳ ቀን ቢሰጥ 16 ቀን ነው፤ ለአንድ ቀን ስድስት ብር። ሳሎን ውስጥ የእግር ዋክስ 700 ብር ትከፍላለች፤ ሃያ ያህል ለስላሳ ቀን ታገኝበታለች፤ ለአንድ ቀን 35 ብር። የእህቷ የስኳር ዋክስ ለስኳሩና ለሎሚው 120 ብር ይፈጃል፤ ለአንድ ቀን እንደ ምላጩ ስድስት ብር፣ ሲደመር የሁለት ሰው ሁለት ሰዓትና ጥቂት እንባ።

ከዚያ በክሬሙ ዓምድ ግርጌ አንድ መስመር ጨመረች። ካርድ 400 ብር፣ ቅባትና የፀሐይ መከላከያ 1,900 ብር። የአንዲት ቅዳሜ ስህተት 2,300 ብር፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ የምላጭ ወጪ።

ይህ ሒሳብ ክሬም መጥፎ ነው አይልም። ፀጉሯ ቀጭን፣ ቆዳዋ ታጋሽ ለሆነ፣ ምላጭ ሁልጊዜ ችፍ ለሚያደርጋት ሴት ክሬም ዋጋውን ሊያወጣ ይችላል። ያ ግን በቅድሚያ የሳንቲም ስፋት ያህል ቦታ ላይ ሞክሮ 24 ሰዓት መጠበቅን፣ በተላጨ ወይም በቆሰለ ቆዳ ላይ አለመቀባትን፣ ከጻፉት ደቂቃ አንዲት አለማለፍን ይጠይቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ደግሞ ማሸጊያው ላይ ያልተጻፈ አንድ ነገር ይጨምራል። አምራቹ መመሪያውን ሲጽፍ «በደንብ ይታጠቡ» ብሎ አልፏል፤ ቧንቧው ሲከፈት ውሃ እንደሚወርድ እርግጠኛ ነበር።

እሷ አሁን ረቡዕና እሑድ በምላጭ ትላጫለች። ለሠርግና ለበዓል ቀደም ብላ እህቷ ዘንድ ትሄዳለች። የባቷ ጥቁረት በስድስተኛው ወር ከመዳፍ ወደ ሁለት ጣት ጠቧል፤ ገና አልጠፋም። መታጠቢያ ቤቷ በር ሥር ደግሞ አንድ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ተቀምጧል። ታናሽ እህቷ መጥታ የተረፈውን ክሬም ስትጠይቃት መጀመሪያ ያሳየቻት ጀሪካኑን ነው።